የተረቴ መጨረሻ አልያዝ አለኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ሐረር ነው ያለሁት፤ ለልጆች የምጽፈው ተረት መጨረሻው ላይ ቆሞብኛል።

አህይት ከጀጎል ግንብ ሥር፣ ጅቦች ከሚገቡባት ቀዳዳ አጠገብ ታድራለች። አያ ጅቦ መጥቶ «አሳልፊኝ፣ አልነካሽም» ብሎ ይምልላታል። ሁለት ሌሊት አልነካትም። በሦስተኛው ሰሚው ሁሉ «አሁን በላት!» ብሎ ይጠብቃል። የእኔ ጅብ ግን መሐላውን ያከብራል፤ ከበሩ ውጭ ማታ ማታ ሥጋ የሚያጎርሰው ሰው ስላለ ጠግቦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ምክሩ «ጅብን አትመን» ሳይሆን «ከማስማልህ በፊት አብላው» ይሆናል።

ለእህቴ ልጆች ሳነብላቸው «ውሸት!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሥጋውን ያነሳሁት መጨረሻ ላይ ብቻ ስለነበር ከሰማይ የወደቀ መሰለ። በመጀመሪያው ሌሊት አፉ ሥጋ ሥጋ እንዲሸት፣ በሁለተኛው እንዲያገሳ አደረግሁ። አሁን ደግሞ ትልቁ ልጅ ገና በሁለተኛው ሌሊት ነቃብኝ።

አህይት ሽታውን «ሌላ አህያ በልቶ ነው» ብላ ብትፈራበት፣ ፍንጩ ሳይጠፋ ይደበቅልኝ ይሆን? ምክሩንስ እሷ ትናገረው ወይስ ጅቡ? ተረት የጻፋችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ ስትሰሙ ያደጋችሁ፣ እባካችሁ ሦስተኛውን ሌሊት እንዴት እንደምትጨርሱት ንገሩኝ።