መርካቶ ላይ ቀረጻ አስቆሙን፣ ደብዳቤ ይዘን! ምን ይሻላል?

ጀማሪዋ፦
ወገን እባካችሁ ቶሎ! አጭር ፊልም እየቀረጽን ነው። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት መርካቶ ካሜራ ስንተክል ደንብ አስከባሪዎች መጥተው አስቆሙን። ማህተም ያለው ደብዳቤ አለን። "ይሄ እኛን አይመለከትም" አሉ። ካሜራው የኪራይ ነው፣ ዋናው ተዋናይ ደግሞ ከእሁድ በኋላ የለም። አርብ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ልንደግመው አስበናል። ምን እናድርግ?

ሳቅ በሳቅ፦
ደንብ አስከባሪውን ዋና ተዋናይ አድርጊው። የራሱን ቀረጻ አያስቆምም።

ጥበብ ለዘላለም፦
ዘንድሮ ካሜራ የተከራየ ሁሉ ዳይሬክተር ሆነ። ቅድመ ዝግጅት የሚባል ነገር አለ እኮ። መጀመሪያ ከከተማው ባህልና ኪነጥበብ ቢሮ ፈቃድ ማውጣት ነበረባችሁ። ሥራ በሥርዓት ነው የሚሠራው።

ጀማሪዋ፦
ደብዳቤው ከዚያው ነው የተጻፈው። "ማህተም አለው" ያልኩት እሱን ነው።

ካሜራ በኪሴ፦
ደብዳቤ ለምን አስፈለገ? እኔ በስልክ ነው የምቀርጸው። አንድ ተዋናይ፣ አንድ ቀራጭ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ትሪፖድ ስትተክሉ ነው ሰው የሚሰበሰበው። ፈቃድ ለትልልቅ ፊልም ነው።

የሎኬሽን ሰው፦
ጀማሪዋ፣ ሁለት ነገር ንገሪኝ። ደብዳቤው ለማን ነው የተጻፈው? "ለ" ብሎ የሚጀምረውን መስመር አንብቢልኝ። ደግሞ መርካቶ የት? መርካቶ ሰፊ ነው።

ጀማሪዋ፦
"ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል። ቦታው ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ የሚሠራ ሰውዬ ሱቅ ውስጥና ደጁ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ትዕይንት ታክሲ መያዣው ጋ አለን። 9 ሰው ነን። ባለሱቁ ፈቅዷል።

የባሕር ዳሩ፦
እኔም ጣና ዳር ሰርግ ስቀርጽ ድሮኔን ያዙብኝ። ለድሮን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ሳቅ በሳቅ፦
ድሮን ማን ጠየቀ? በርሜል ነው ያለችው።

የሎኬሽን ሰው፦
ችግራችሁ እዚያች መስመር ላይ ነው። "ለሚመለከተው ሁሉ" በሚል ደብዳቤ ላይ ማንም ስሙን አያገኝም፣ ስለዚህ ማንም ኃላፊነት አይወስድበትም። መንገድ ላይ ያገኛችሁት ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም። አለቃው ሳይነግረው ቢያሳልፋችሁና ነገር ቢመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። "አይቻልም" ማለት ለእሱ አያስከፍልም።

ነገ ቢሮ ሲከፈት በር ላይ ተገኙ። ደብዳቤውን ይዛችሁ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሂዱና ለወረዳው ሸኚ ደብዳቤ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ግልባጩ ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ እንዲሆን አደራ። የቀረጻውን ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የሰውን ብዛትና ዕቃውን ይጥቀስ። ቦታውን "አዲስ አበባ ውስጥ" ብለው ካለፉት ዋጋ የለውም፤ ምናለሽ ተራና ታክሲ መያዣው በስም ይግቡ። "ካሜራ" ብቻ ከተባለ ደግሞ ትሪፖዱና መብራቱ አዲስ ጥያቄ ያስነሳሉ።

ብዙ ሰው ደብዳቤውን እንደተቀበለ ወደ ቀረጻ ይሮጣል። እናንተ ወረዳው መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉትና በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። መንገድ ላይ የሚያድናችሁ ያ ቁጥር ነው፤ ደንብ አስከባሪው ስልክ ደውሎ ማጣራት የሚችለው በእሱ ነው። ከዚያ ጣቢያው ሂዱና የአርብ ተረኛ ማን እንደሆነ ጠይቁ። የሐሙሱን ተረኛ ብታስረዱት አርብ ላይ የለም።

ቅዳሜና እሁድ የሚፈርም ኃላፊ ማግኘት ከባድ ነው። የሐሙስ ቀን ካመለጣችሁ ያላችሁ የአርብ ጠዋት ብቻ ነው።

ካሜራ በኪሴ፦
ይሄን ሁሉ እስክትጨርስ ተዋናዩ ሄዷል። በስልክ ቅረጹ ብያለሁ።

የሎኬሽን ሰው፦
ሰው ሲያንስ ትኩረት ይቀንሳል፣ ልክ ነህ። ግን ስልክ ሆነ ካሜራ፣ ከተዋናዩ ጀርባ ባንክ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ከገባ የጥበቃው ጥያቄ ያው ነው። ታክሲ መያዣው ጋ ቆማችሁ ከሌንሱ ጀርባ ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ሁሉ ቁጠሩ። በር ላይ መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ካያችሁ ካሜራውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩ።

የመርካቶ ልጅ፦
እህቴ፣ አርብ 6 ሰዓት? አርብ ጁምዓ ነው እኮ! አንዋር መስጊድ ዙሪያ ሰዉ መንገድ ላይ ነው የሚሰግደው። መኪናም እናንተም አታልፉም። ከ8 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ወደ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ የአስር ሶላት አዛን አለ፣ ንግግር ያለበትን ትዕይንት ከዚያ አርቁት። ራጉኤልም ቅርብ ነው፣ የክብረ በዓል ቀን ከሆነ ድምፅ ማጉያው ሩቅ ይሰማል።

ሌላው፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ በመዶሻ ቅጥቀጣ መካከል እንዴት ነው የምታወሩት?

ጀማሪዋ፦
እሱንም ልጠይቅ ነበር። ድምፁ አስቸግሮናል። ጎረቤቶቹ እንዲያቆሙ ብንለምንስ?

የሎኬሽን ሰው፦
ቀኑን ሙሉ አቁሙ አትበሏቸው፣ የዕለት እንጀራቸው ነው። ቅጥቀጣ እያለ የተቀረጸ ንግግር ሲቀናጅ ችግሩ ይጎላል። ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው ስትቆርጪ የመዶሻው ምት ይዘላል፣ ተመልካቹም ወዲያው ይሰማዋል። ስለዚህ ሰፊውን ምስል፣ ሰዉንና ሥራውን፣ አርብ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ሳያሳስባችሁ ቅረጹ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ንግግር እሁድ ጠዋት አድርጉት። እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ባለሱቁን ለእናንተ ብሎ እንዲከፍት ጠይቁት፣ የሚያጣውን ዕረፍት ካሳ ክፈሉት፣ እሁድም በደብዳቤው ላይ ይጻፍ። አርብ ላይ ደግሞ የመዶሻውን ድምፅ ብቻ ለደቂቃዎች ለብቻው ቅዱት፤ በቅንብር ጊዜ ከንግግሩ ስር ዝቅ አድርጋችሁ ታስገቡታላችሁ።

ቦታውን ስታዩ ደጁ ላይ ሸራ ተወጥሯል? ሰማያዊ ከሆነ ፀሐይ በላዩ ስታልፍ የተዋናዩን ፊት ሰማያዊ ታደርገዋለች። አርብና እሁድ ሸራው በተለያየ ሁኔታ ከተወጠረ ደግሞ ሁለቱ ቀን አይገጥምም። አሁኑኑ ፎቶ አንሱት።

ጀማሪዋ፦
ኧረ ሰማያዊ ነው! እና የሰፈሩ ልጆች "ቦታው የኛ ነው፣ ክፈሉ" ብለዋል። ለእነሱስ?

የሎኬሽን ሰው፦
ከእነሱ ሁለቱን፣ ሰው ወደ ቀረጻው እንዳይገባ እንዲያግዱ በግልጽ ቅጠሯቸው። የቀን ሒሳባቸው ከወዲሁ ይታወቅ፣ ክፍያው ሥራው ሲጨረስ ይሁን።

የመርካቶ ልጅ፦
በዚህ አልስማማም። ሁለት ከከፈልሽ ነገ አሥር ይመጣሉ። ሁሉም ነገር በባለሱቁ በኩል ይለፍ። እሱ "እንግዶቼ ናቸው" ካለ አይነኳችሁም።

የሎኬሽን ሰው፦
ባለሱቁ ታክሲ መያዣው ጋ አብሯችሁ አይቆምም እኮ።

የመርካቶ ልጅ፦
ለታክሲ መያዣው ተራ አስከባሪዎቹን አናግሩ። እዚያ እነሱን ማለፍ የለም። ደግሞ ባለሱቁ ተከራይ ነው ባለቤት? ቤቱ የሌላ ከሆነ ባለቤቱ ድንገት መጥቶ "ማን ፈቀደላችሁ" ይላል። የሁለቱንም ፊርማ ያዙ።

ጥበብ ለዘላለም፦
መጀመሪያ ባህልና ኪነጥበብ ቢሮ ሄደው ፈቃድ ያውጡ እንጂ!

ሳቅ በሳቅ፦
ጋሼ፣ ደብዳቤው እኮ በእጃቸው ነው።

የአዳማዋ፦
ይቅርታ ላቋርጥ። የአዲስ አበባ ደብዳቤ አዳማ ይሠራል?

የሎኬሽን ሰው፦
አይሠራም። አዳማ ኦሮሚያ ነው፣ ከዚያው ከተማ መውጣት አለበት። አዲስ ጥያቄ ክፈቺ፣ እዚህ አንደባልቀው።

የመርካቶ ልጅ፦
ጀማሪዋ፣ ሐሙስ አለፈ እኮ። ገቢ ቁጥሩን አገኛችሁ?