የአረብኛ ሜኑ በፎቶ፦ «የሳህን ልጅ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጠያቂ፦ ሰላም። ድሬዳዋ ላለ የየመን ምግብ ቤት የአረብኛውን ሜኑ ፎቶ አንስቼ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የስልኩ መተርጎሚያ አንዱን ምግብ «የሳህን ልጅ» አለልኝ። ሸፉትንና ሰልታንም አማርኛ አጣሁላቸው። ምን ብዬ ልጻፍ?

የቀፊራው፦ አቦ ምን ያስጨንቅሃል? ሸፉት የእርጎ ፍርፍር ነው፣ ሰልታን ወጥ በለው። ሰው የሚያውቀውን ስም ካላየ ማን ያዝዛል?

አስተርጓሚዋ፦ መተርጎሚያው ስሙን ቃል በቃል ፈቶት ነው እንጂ ቢንት አስሰህን በስሱ ተነባብሮ የሚጋገር፣ ቅቤ የተቀባና ማር የሚፈስበት ዳቦ ነው። እንዲህ ያለውን ስም አትተርጉመው። እንደሚጠራው በፊደላችን ጻፈውና ከሥሩ በአንድ መስመር ምን እንደሆነ አስረዳ፤ ከምን እንደተሠራና ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ ካወቀ ተመጋቢው ይበቃዋል።

የቀፊራው ግማሹን አግኝቶታል። ሸፉት የሚሠራበት ለሆህ እንጀራ ይመስላል፣ እርጎም አለው። ግን ፍርፍር ያዘዘ ሰው በርበሬ ያለው ትኩስ ነገር ይጠብቃል፤ ሸፉት ሲመጣለት «ቀዝቅዟል» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ሸፉት፦ ስስ ለሆህ፣ ድንብላል ቅጠልና ቃሪያ በተፈጨበት እርጎ የራሰ፤ ቀዝቃዛ»

«ሰልታ፦ በጋለ የድንጋይ ድስት እየፈላ የሚቀርብ መረቅ፣ ላዩ ላይ የተመታ አብሽ ያለበት»

ሁልባን ግን ሁልባ ብለህ አትተወው፣ አብሽ ነው። ምሬቱን የማይወድ አስቀድሞ ይወቅ። የሰልታው መረቅ የሥጋ መሆን አለመሆኑንም ምግብ አብሳዩን ጠይቅ፤ የሚጾም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው።

ሳቢያን፦ እኔ የያዝኩት የጣሊያን ሜኑ ነው። ላዛኛንም እንዲህ ላብራራ?

አስተርጓሚዋ፦ ላዛኛን ድሬ ላይ የማያውቅ የለም፣ ስሙ ይበቃል። ፉልም እንደዚያው።

ፎቶ ቤት፦ ከትርጉሙ በፊት ፎቶውን እዩት። በአረብኛ ሐ፣ ኸ እና ጀ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው። ሜኑው ፕላስቲክ ከለበሰ ነጸብራቁ ነጥቡን ይውጠዋል፣ ቃሉም ሌላ ይሆናል። ከምግብ ጋር የማይገናኝ ትርጉም ከመጣ መጀመሪያ ነጥቡን ጠርጥሩ። ፍላሹን አጥፍታችሁ፣ ብርሃን ከጎን በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ አንድ አንድ ዓምድ ብቻ አንሱ። «የሳህን ልጅ» ግን የፎቶ ጥፋት አይደለም፣ በትክክል ነው የተነበበው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ሳሃዊቁንስ ዳጣ ልበለው?

የቀፊራው፦ ዳጣ ነዋ!

አስተርጓሚዋ፦ ቲማቲም ይገባበታል እኮ። «ሳሃዊቅ፦ ዳጣ መሰል፣ ከቲማቲም ጋር የተፈጨ ቃሪያ» በለው።

የቀፊራው፦ ረዘመ። እኔ ዳጣ ነው የምለው።