ለሲያትል እርጥብ ብርድ የላባ ጃኬት ወይስ የፖሊስተር?

ሰናይት፦ ሲያትል ውስጥ ሌሊት ሌሊት አውሮፕላን ላይ ሻንጣ እጭናለሁ። በክረምት ቅዝቃዜው ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሆኖ ሲያካፋ ያድራል። ስጭን ያልበኛል፤ ቀጣዩ አውሮፕላን እስኪመጣ ቆሜ ስጠብቅ ግን ይበርደኛል። የምገዛው አንድ ጃኬት ብቻ ስለሆነ፣ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ዳዊት፦ ላባ ይግዙ። በእኩል ክብደት እንደ ላባ የሚሞቅ የለም። 800 የሚል ቁጥር ያለበት ከ650ው ስለሚበልጥ ቁጥሩን አይተው ይምረጡ።

ጋሽ አበራ፦ እህቴ፣ ፌዘርድ ፍሬንድስ የሚባለው እዚሁ ሲያትል ያለ የላባ ልብስ መደብር ሂጂ፤ እኔ ከዚያ ሌላ ቤት አልገዛም። በ1940 ለላባ ጃኬት የፈጠራ መብት ያወጣው ኤዲ ባወርም የዚሁ ከተማ ነጋዴ ነበር።

የትነበርሽ፦ ማንም ላባ እንዳይገዛ! የእኔን ልብስ እጥበት ቤት ሰጥቼው ትከሻው ባዶ ጨርቅ፣ ወገቡ ድብልብል እብጠት ሆኖ፣ እየሸተተ ተመለሰልኝ። ገንዘቤንም ከለከሉኝ።

ኤልያስ፦ እኔ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ላባ ለብሼ አንድም ቀን በርዶኝ አያውቅም።

ሂሩት፦ ጠያቂዋ የጠየቁት ስለ ካፊያ ነው። በዚያ ብርድ ዝናብ ስለማይዘንብ የእርስዎ ልምድ ለእርሳቸው መልስ አይሆንም።

መላኩ፦ የምሠራው የተራራ ልብስ ጥገና ነው። ወይዘሮ የትነበርሽ፣ እብጠቱ ላባው ውስጥ ውስጡን እንዳልደረቀ ስለሚያሳይ ጃኬቱን አይጣሉት። ከሁለት ሦስት የቴኒስ ኳሶች ጋር ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ያስገቡት፤ በየጊዜው እያወጡ ጓሉን በጣትዎ ያፍታቱ። ወደ መብራት አንሥተው ሲያዩት ጥቁር ጓል እስካለ ድረስ አልደረቀም።

ወይዘሮ ሰናይት፣ 800 የሚለው ቁጥር ላባው ምን ያህል እንደሚነፋ እንጂ ምን ያህል ላባ እንደገባ አይናገርም፤ 60 ግራም የ800 ላባ ያለው ጃኬት 150 ግራም የ650 ላባ ካለው ያነሰ ይሞቃል። ከዚህ ይልቅ የእርስዎ ችግር ላቡ ነው። ዝናቡን የዝናብ ልብስ ደርበው ይከላከሉታል፤ ከሰውነትዎ የሚወጣው እንፋሎት ግን ቀዝቃዛው የውጭ ጨርቅ ጋ ሲደርስ ውኃ ሆኖ ሙሌቱ ውስጥ ይቀራል። ላባ ሲርስ ተኝቶ አየር መያዙን ያቆማል፤ ለብሰውት ቆመውም ቶሎ አይደርቅም። ፖሊስተር ውኃ ስለማይመጥ ቅርጹን አይለቅም፤ በሰውነት ሙቀትም ይደርቃል። ስለዚህ ለሥራዎ የምመርጠው ፖሊስተሩን ነው። ጉዳቱ ተደጋግሞ ሲታጨቅ መሳሳቱ ነውና ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቀው አይያዙት፤ እንዲያም ሆኖ እንደ ጥሩ ላባ ዕድሜ አይኖረውም።

ሰናይት፦ ውኃ እንዳይዝ ተደርጎ የተዘጋጀ ላባ በቅናሽ አይቻለሁ፤ እርሱስ?

መላኩ፦ መራሱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ጋሽ አበራ፦ ብቻ ፌዘርድ ፍሬንድስ ሳትሄጂ አትወስኚ።

የትነበርሽ፦ አቶ መላኩ፣ አሁን እብጠቱ ፈታ ብሏል፤ ሽታው ግን አለ። እንደገና ልጠበው?