«ሌት ዩ ጎ» ሲባል ማን ነው የተሰናበተው?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ አጭር ታሪክ ጽፌያለሁ። ታሪኩ የቆመው በአንድ የእንግሊዝኛ አባባል ላይ ስለሆነ አባባሉን በትክክል መያዜን እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ይኸው።

በላይ መጋዘን ውስጥ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ዕቃ ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ በስካነር ያነባል፣ ካርቶን ውስጥ ይከታል። እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ተምሯል፤ ማንበብ አይቸግረውም። አገሩ ግን አዲስ ነው፣ ጆሮውም ገና አልለመደም።

በዚያ ሰሞን አብሮት ያሽግ የነበረ ልጅ ከሥራ ጠፋ። በላይ የት እንደሄደ ጠየቀ። «ዜይ ሌት ሂም ጎ» አለው አጠገቡ ያለው ሠራተኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በላይ ፈቃድ የሰጡት መሰለው። «መቼ ይመለሳል?» አለ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። አይመለስም፤ አባረውታል። ማታ በላይ አባባሉን ደብተሩ ላይ ጻፈና ከጎኑ «ማባረር» ብሎ አሰፈረ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የቅዳሜ ፈረቃውን ለመቀየር ከቤት ሆኖ ወደ አለቃው ደወለ። ሴትዮዋ ሳታንገራግር ቀየረችለት። ቀጥላም ቤት አገኘህ ወይ፣ ብርዱን እንዴት ቻልከው እያለች ጠየቀችው። በላይ በአጭር በአጭሩ መለሰ። ወሬው አለቀ። ትንሽ ዝም ተባባሉ። ከዚያ «ኦልራይት በላይ፣ አይል ሌት ዩ ጎ» አለችው።

በላይ ክው አለ። «ቴንክ ዩ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሌሊቱን ጥፋቱን ሲፈልግ አደረ። ፈረቃ ቀይሩልኝ ማለቱ አስቀይሟቸው ይሆን? ወይስ ሰኞ ዕለት በስህተት ሌላ ካርቶን ውስጥ የከተተው ዕቃ ተደርሶበት? ጠዋት አንጸባራቂ ሰደርያውን አጣጠፈ፣ የመግቢያ ባጁን ከላይ አደረገ፣ በፌስታል ይዞ ሄዶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችው።

«የድርጅቱ ዕቃ ነው። ትናንት አሰናብተውኛል።»

አለቃዋ ግራ ገባት። ምን እንዳለችው ቃል በቃል እንዲነግራት ጠየቀችው። ሲነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ወንበር ሳበችለትና ረጋ ብላ አስረዳችው። «ስልክ ላይ እንደዚያ ስልህ፣ ብዙ አቆየሁህ፣ ወደ ጉዳይህ ተመለስ ማለቴ ነው። ላባርርህ ብፈልግ እዚህ አስቀምጬህ፣ አዝናለሁ ብዬ ጀምሬ፣ ወረቀት ሰጥቼህ ነው።» ባጁን መልሳ ሰጠችው። «በል ሰደርያህን ልበስ፣ ፈረቃህ ሊጀምር ነው።»

ታሪኩ ይኸው ነው። አንደኛው ጥያቄዬ፣ የአለቃዋ ማብራሪያ ልክ ነው? ሁለተኛው፣ ያን የስልክ አባባል በአማርኛ ምን እንበለው? «ልልቀቅህ» ብዬ ሞክሬ ነበር፣ አልጣመኝም።

መንገደኛው፦
ልጁ ተሳስቷል። ባጅና ሰደርያ ከመመለሱ በፊት የስንብት ደብዳቤና የመጨረሻ ደመወዙን መጠየቅ ነበረበት። ዕቃ ካስረከብክ በኋላ ማን ይሰማሃል? ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች ይህን ያዙልኝ።

ቃል ፈላጊ፦
ወንድሜ ምክርህ መልካም ነው፤ ግን በላይ አልተባረረም። የተባረረ መስሎት ነው። ጥያቄዬ አባባሉ ላይ ነው።

ፊደል፦
ይሄማ ቀላል ነው። «አይ» ካለ ስልክ መዝጋት፣ «ዊ» ካለ ማባረር። የሚያሰናብተው ድርጅት ስለሆነ ሁልጊዜ «እኛ» ብሎ ነው የሚናገረው። በላይ ይህችን አንዲት ሕግ ቢያውቅ ኖሮ እንቅልፉን ተኝቶ ያድር ነበር።

ተርጓሚዋ፦
ፊደል፣ ያልከው ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሕግ ግን አይደለም። አንድ ሱቅ ያለው ሰው አንድ ሠራተኛውን ሲያሰናብት «አይ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ» ሊል ይችላል። ባልና ሚስት ደግሞ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ሲያወሩ ቆይተው «ዊል ሌት ዩ ጎ» ብለው ይሰናበታሉ። «ሃቭ ቱ» ካለበት ማባረር ነው የሚሉም አሉ። እሱም አያዋጣም፤ በር የተንኳኳበት ሰው «አይ ጋት ቱ ሌት ዩ ጎ» ብሎ ስልክ ይዘጋልና።

የሚለየው የሚነገርበት ቦታ ነው። የማባረር ንግግር ከመነሻው ይታወቃል። ተጠርተህ ትቀመጣለህ፣ «አዝናለሁ» ወይም «አለመታደል ሆኖ» የሚል መንደርደሪያ ይመጣል፣ ዱብ ዕዳው ይከተላል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀትና ስለ ክፍያ ብዙ ይወራል። የስልኩ አባባል የሚመጣው ወሬው ካለቀ በኋላ ነው። «ኦልራይት»፣ «ኦኬ»፣ «ዌል» ከሚሉት አንዱ ይቀድመዋል።

ኢማኑኤል ሼግሎፍና ሃርቪ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1973 የስልክ ንግግር እንዴት እንደሚዘጋ አጥንተው ጽፈዋል። ዋና ነገሩ ሰው ከወሬ ዘሎ «ቻው» ላይ አይወድቅም የሚል ነው። በመጀመሪያ አንዱ «እኔ የምጨምረው የለኝም» የሚል ምልክት ይሰጣል። ያኔ ሌላኛው ወገን የረሳው ነገር ካለ ያነሳል። ከሌለው እሺ ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም ይሰናበታሉ። «አይል ሌት ዩ ጎ» ያ ምልክት ነው። ጨዋነቱም አንተ ሥራ ያለብህ አስመስሎ ማቅረቡ ላይ ነው። ልዝጋ አይልህም፤ አንተን ይለቅሃል።

የታሪክህ ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ይመስለኛል። በላይ ምልክቱን ሰማና ዘጋው። አንዲት ሰከንድ ቢጠብቅ ሴትዮዋ «ነገ እንገናኝ» ትለው ነበር። ይህን ታሪኩ ውስጥ አስገባው፤ አለቃዋ ራሷ «ሳልሰናበትህ ዘጋኸው» ትበለው።

ቃል ፈላጊ፦
በጣም ጥሩ፣ አስገባዋለሁ። «ዜይ ሌት ሂም ጎ» የሚለውስ? አጠገቡ ያለው ሠራተኛ የነገረው ልክ ነው አይደል?

ተርጓሚዋ፦
ልክ ነው፣ የተወራው በሥራ ቦታ ስለሆነ። ፖሊስ «ሌት ሂም ጎ» ከተባለ ግን ለቀቁት፣ ነፃ ወጣ ማለት ነው። አንዱ መርዶ፣ አንዱ የምሥራች። ደግሞ በሥራ ቦታ ይህ አባባል ለስላሳ መሸፈኛ ነው። ሰውየው በጥፋቱ ይባረር ወይም ሥራ ቀንሶ ይቀነስ አይነግርህም። አማርኛችን «ተባረረ» እና «ተቀነሰ» ብሎ ይለያል። ስለዚህ ያ ሠራተኛ «ሌት ጎ» ብቻ ብሎት ከሆነ በላይ «ማባረር» ብሎ መጻፉ ራሱ ከተባለው በላይ ሄዷል።

የሌሊት ፈረቃ፦
እኔን ያስደነገጠኝ ሌላኛው ነው። ሥራ ቀዝቅዞ ባለበት ሌሊት አለቃችን እየዞረ «አይም ጎና ሌት ዩ ጎ ኧርሊ» ይላል። የመጨረሻዋን ቃል አልሰማኋትም። ማሽኑ ይጮሃል፣ እሱም አፉ ውስጥ ነው የሚናገረው። ሌሎቹ ጃኬታቸውን እየለበሱ ሲስቁ ሳይ ነው ነፍሴ መለስ ያለው። ዛሬ ቀደም ብላችሁ ግቡ ማለቱ ነው። በእርግጥ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ያም ቢሆን ከደመወዝ ይጎድላል፤ በማግስቱ ግን ሥራህ አለ።

እና ተርጓሚዋ፣ አባባሉ ስልክ ላይ ብቻ አይደለም። ኮሪደር ላይ ቆመን ስናወራም ይሉኛል።

ተርጓሚዋ፦
ልክ ነህ፣ ፊት ለፊትም ይባላል። እንግሊዞች ደግሞ «አይል ሌት ዩ ጌት ኦን» ማለት ይወዳሉ። በላይን እነሱ ጋ ብትወስደው ታሪኩ አይሠራም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ እኔ ወደ አማርኛው ልመልሳችሁ። ቃል ፈላጊ፣ «ልልቀቅህ» ያልጣመህ ስለያዝከው ነገር ስለሚያወራ ነው፤ ሌባ ወይም እጅ ይለቀቃል። እኛ ዘንድ የተዘጋጀ አባባል አለ። «ሥራ አላስፈታህ» እንላለን። አሁን ቃሉን አስተውሉት። ሥራ መፍታት ማለት ሥራ ማጣትም ነው፤ ሥራ ፈት እንላለን። ሰውየውን በጨዋነት ስንሸኘው የምንጠቀምበት ቃል ሥራ ከማጣት ቃል ጋር አንድ ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «ሥራ አላስፈታህ» ቢባል፣ «ከሥራዬ አያስወጡኝም ማለት ነው» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል።

«አሰናበተ» የሚለውንም ተመልከቱ። እንግዳ በር ድረስ ሸኝተን እናሰናብታለን። ሠራተኛንም ደብዳቤ ሰጥተን እናሰናብታለን። ስለዚህ አለቃዋ «በል ላሰናብትህ» ብትለው አማርኛ አንባቢም ልክ እንደ በላይ ልቡ ስንጥቅ ይላል። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ፊደል፦
ጋሼ፣ «ሥራ አላስፈታህ» ያሉት ሙሉ በሙሉ ገዝቶኛል። የእኔን «አይ» እና «ዊ» ትቼዋለሁ። እሺ፣ ግማሹን ትቼዋለሁ።

ተርጓሚዋ፦
መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። «ላሰናብትህ» ስልክ ላይ ማን ይላል? ስልክ ላይ «ልሰናበትህ» ነው የምንለው፣ ተሰናባቹ ተናጋሪው ራሱ ነው። «ላሰናብትህ» ለአሻሚነቱ ሲባል የተፈለሰፈ ይመስላል፤ አንባቢም ይነቃበታል። «ሥራ አላስፈታህ» ደግሞ በላይ ቤቱ ሆኖ ስለደወለ አይገጥምም። ትርጉሙን ብቻ ከፈለግን «ብዙ አላቆይህ» ይበቃል፤ ግን አያስደነግጥም።

ጡረተኛው መምህር፦
እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ስልክ ላይ እንኳ «በል እንግዲህ ላሰናብትህ» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፣ በተለይ ለታናሽ ሲናገሩ። አለቃዋም ከበላይ በዕድሜ ትበልጥ እንደሆነ ደራሲው ይንገረን።

ቃል ፈላጊ፦
ትበልጠዋለች። አሁን ሁለታችሁም እኩል ጎተታችሁኝ። ለጊዜው እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፌ እንዳለ እተወዋለሁ፤ ማብራሪያዋ ላይ ግን «ብዙ አላቆይህ» ትላለች። መምህር፣ የእርስዎን ሌላ ታሪክ እሠራበታለሁ፤ ፈቃድዎ ከሆነ።

የሌሊት ፈረቃ፦
አንድ ነገር ቀረ። በላይ ሌላ ጊዜ እንደዚያ ሲሉት ምን ይመልስ? እኔ ዝም ብዬ «ኦኬ» እላለሁ፣ ከዚያ ዝምታው ያስጨንቀኛል።

ተርጓሚዋ፦
ምንም ካልቀረህ «ኦኬ፣ ቶክ ቱ ዩ ሌተር» በልና የእሱን «ባይ» ጠብቅ። የቀረህ ካለ ደግሞ «ኦህ፣ ዋን ሞር ቲንግ» ብለህ አስገባ፤ ያን ጊዜ ቦታው ያንተ ነው፣ ነውርም አይሆንም። የቅዳሜው ፈረቃ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር በላይ መጠየቅ የነበረበት እዚያች ጋ ነው።