ጥፍሬን መብላት እንዴት ላቁም? ነገ ፈተና ነው፣ ጣቴም አብጧል

ሊያ21፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እያነበብኩ ሳላውቀው ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩት። የቀኝ አውራ ጣቴ ቀልቶ ይጠዘጥዘኛል። ይሄን ያህል ጭንቀታም ሆኜ ነው? ዛሬ ማታ እጄን ከአፌ የሚያርቅልኝ ነገር ንገሩኝ።

ቀልዱ በዛ፦ የቦክስ ጓንት አጥልቂ። ገጽ መግለጡን ግን ራስሽ ተወጪው።

ጋሽ መካሪ፦ ልጄ፣ የካልሲየም እጥረት ነው። እኛ በጊዜያችን ቁጭ ብለን እናጠና ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም። መራራ የጥፍር ቀለም ተቀቢና ይለቅሻል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ካልሲየም እዚህ ውስጥ የለበትም። መራራው ቀለም አንዳንዱን ይረዳል፣ ግን በቆሰለ ቆዳ ላይ አይቀባም። ሊያ፣ መጀመሪያ ጣትሽን። ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ንከሪው፣ በቀን ሦስት አራቴ። መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ከሰፋ ወይም ካተኮሰሽ ሐኪም ጋ ሄደሽ ታዪ። ራስሽ በመርፌ እንዳትወጊው።

ዝም አልልም፦ ለምን ታቆማለች? እኔ እስኪሪብቶ ቀጭ ቀጭ ካላደረግኩ ሐሳቤ አይሰበሰብም።

አቤል ሥነ ልቦና፦ ያንተ የሚጎዳው አጠገብህ የተቀመጠውን ነው፤ የሷ ግን ጣቷን አቁስሏል። ሊያ፣ ጥፍር የሚበላ ሁሉ ጭንቀታም አይደለም። ሲሰለቹም፣ ሥራ እምቢ ሲልም፣ በጣም ሲመሰጡም ይመጣል። «ሳላውቀው» ያልሽው ነው ቁልፉ። አሁን አስተውዪ፦ አውራ ጣትሽ የሌሎቹን ጥፍሮች ጫፍ እየዳሰሰ ይሄዳል። ሻካራ ቦታ ሲያገኝ እጅሽ ወደ አፍ ይነሳል፣ ጥርስ ያስተካክለዋል። ጥርስ ደግሞ ሌላ ሻካራ ይተዋል፣ እንደገና ዳሰሳ። ስለዚህ ያልቆሰሉትን አሁኑኑ በሞረድ አለስልሺ። ከዚያ ዳሰሳው ሲጀምር፣ አፍሽ ጋ ሳይደርስ፣ እጅሽን ጨብጠሽ ጭንሽ ላይ አሳርፊ። ፍላጎቱ እስኪያልፍ ድረስ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ። ታማሚውን ጣት ግን አትጫኚው፣ በግራሽ ጨብጪ። አዝሪንና ነን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ ነው። በአንድ ማታ ልማዱ አይጠፋም። ለነገ ግን የሚበቃሽ ይመስለኛል።

ሊያ21፦ ወይ ጉድ፣ አሁን መልስህን እያነበብኩ ስዳስስ ያዝኩት! ግን ጨብጬ እንዴት ልጻፍ?

አቤል ሥነ ልቦና፦ የሚጽፈው እጅ እስኪሪብቶ ከያዘ ሥራ አለው። ሥራ ፈቱን ጠብቂ።

እንቅልፍ አጣ፦ እኔስ? ማታ ጋደም ስል እግሬን ካላንቀሳቀስኩ ይወረኛል፣ ስነሳ ይለቀኛል። ያው ልማድ ነው አይደል?

ነርሷ፦ አይመስለኝም። ወንበር ላይ ሆኖ እግር ማርገብገብ ሌላ፣ የሌሊቱ ሌላ። አንዳንዴ ከብረት ማነስ ጋር ይያያዛል። ሐኪም የደም ምርመራ ያዝልህ፤ ክኒን በራስህ አትጀምር።

ጋሽ መካሪ፦ ካልሲየምም ይታይለት።

አዲስ ገብ፦ ሊያ፣ መራራ የጥፍር ቀለም ሞክረሻል?