ለአስተርጓሚ የሚመች ንግግር በአማርኛ ስንት ቃል ነው?

ሰላም ሰዎች። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ስለ ገጠር የእጅ ፓምፖች ጥገና 20 ደቂቃ በአማርኛ እናገራለሁ። አስተርጓሚዋ ዳሷ ውስጥ ሆና እግር በእግር እየተከተለች ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች። ጽሑፌ 2,000 ቃል ገደማ ነው። ስንለማመድ ግን ወደ ኋላ ቀረች።

ቀስ ብዬ አነበብኩ፣ በየአራት ነጥቡም ትንፋሽ ወሰድኩ። ለውጥ የለም። ነገሩ የገባኝ እዚህ ጋ ነው፦ «በ2012 በሦስት ወረዳዎች የተተከሉትና ማኅበረሰቡ ራሱ እንዲጠግናቸው የተረከባቸው ፓምፖች አብዛኞቹ ዛሬ አይሠሩም።» ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ይሠራሉ ትበል አይሠሩም ሳታውቅ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ያጠራቀመችውን ሁሉ ስታወርደው እኔ ሌላ ዓረፍተ ነገር ጀምሬያለሁ። 2012ን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስትቀይር ደግሞ የወረዳዎቹ ቁጥር አመለጣት።

አሁን ቆራረጥኩት። «አብዛኞቹ ፓምፖች ዛሬ አይሠሩም። የተተከሉት በ2012 ነው። ቦታው ሦስት ወረዳዎች ናቸው።» ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ስላይዱ ላይ ጻፍኩ፣ ጽሑፉንም ቀድሜ ላክሁላት። ይኼኛው ሠራ፣ ሳትንጠለጠል ተከተለችኝ። ግን ንግግሩ ወደ 25 ደቂቃ ተለጠጠ፣ ሰብሳቢዎቹ ደግሞ አንድ ደቂቃ አይጨምሩም። ስለዚህ መቀነስ አለብኝ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ቃል ይመከራል፤ እኛ ግን «አልነገርኳቸውም» ብለን በአንድ ቃል ስለምንገላገል ያ ልክ ለኛ አይሆንም።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ዳስ ውስጥ የምትሠሩ፣ ለ20 ደቂቃ ስንት የአማርኛ ቃል ይዤ ልግባ?