የጥምቀት ቪዲዮ፦ ተረጋግቶ ይቀመጥ ወይስ እንደተቀረጸ?

ጠያቂው፦ በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት በስልክ የቀረጻችሁትን ሁሉ ለትውልድ በአንድ ቋት ልናሰባስብ ነው። የአብዛኛው መንቀጥቀጥ ራስ ያዞራል። በኮምፒውተር ተረጋግቶ ያልመጣ አይግባ ብንል ትስማማላችሁ?

የአዘዞው፦ እስማማለሁ። የሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ ማንም እስከ መጨረሻው አያይም። ጥራቱም አይቀንስም፤ ሳይረጋጋም ሆነ ከተረጋጋ በኋላ ፋይሉ 1920 በ1080 ነው የሚለው።

የፒያሳዋ ቪዲዮ ቀራጭ፦ ቁጥሩ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ምስሉ ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፍሬም እጅ ከተንቀጠቀጠበት በተቃራኒው ይገፋዋል፤ በዚያ ጊዜ ጠርዙ ላይ ባዶ ቦታ ይከፈታል። ያንን ለመደበቅ ምስሉን ያጎላና ዳር ዳሩን ይቆርጣል። ከየጎኑ አንድ አስረኛ ቢቆረጥ የሚተርፈው 1536 በ864 ነው፤ ከፒክስሎቹ 64 በመቶ ማለት ነው። ያ ተለጥጦ መልሶ 1920ን ይሞላል። ሁለቱን ፋይሎች አንድ ቦታ ላይ አቁሙና የካህናቱን ካባ ጥልፍ ተመልከቱ፤ በተረጋጋው ላይ ክሩ ከክሩ አይለይም። በ4ኬ የተቀረጸ ከሆነ ግን በዚያው ልክ ተቆርጦም 3072 በ1728 ይተርፋል። እሱን ወደ 1080 ብናወርደው ጥልፉ አይጠፋም።

እናት ከማራኪ፦ እኔ ሌሊት በጧፍ ብርሃን ዝማሬውን ቀርጬ ልጄ አረጋጋልኝ። መወዛወዙ ቆመ፤ ፊታቸው ግን አንዴ ይጠራል፣ አንዴ ይደበዝዛል። ስልኬ አርጅቶ ይሆን?

የፒያሳዋ ቪዲዮ ቀራጭ፦ ስልክዎ ደኅና ነው፣ እማማ። በጨለማ ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚሰበስበው ረዘም ላለ ጊዜ ነው፤ በዚያ መካከል እጅ ሲነቃነቅ ፊቱ ይፋቃል። ማረጋጋት የፍሬሙን ቦታ እንጂ የተፋቀውን ፊት አያስተካክልም። እንዲያውም መወዛወዙ ሲቆም ድብዘዛው ይበልጥ ዓይን ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ ክንድዎን ከግንብ ወይም ከዛፍ ያስደግፉ።

መምህሩ፦ እኔ ከመቁረጡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ታቦቱ ሲወጣ ጃንጥላው ፍሬሙን ይሞላዋል። ፕሮግራሙ ከምስሉ ብቻ የሚገምት ከሆነ የቆመው ጃንጥላው ይመስለዋል። እኔ ጋ ያለው አንድ ቪዲዮ ላይ ጃንጥላው ረግቶ የፋሲል ግንብ ሲዋኝ ይታያል። ይህን ለልጅ ልጅ ማስረጃ ብለን እናስቀምጥ? የተቆረጠው ዳርም አይመለስም፤ ዳር ላይ ደግሞ ዋናው ፋይል ከጠፋ ማንም የማያገኘው ሰው ቆሞ ይሆናል። ዋናው እንዳለ ይግባ፤ የተረጋጋው ቅጂ ለእይታ ይውጣ።

የአዘዞው፦ ሁለት ሁለት ቅጂ? 4ኬው ብቻ ከ1080ው ሁለትና ሦስት እጥፍ ቦታ ይበላል። ዲስኩን ማን ይገዛል?

መምህሩ፦ ቦታ ካነሰ የተረጋጋው ይሰረዝ፤ እሱን ከዋናው መልሶ መሥራት ይቻላል።

የአዘዞው፦ የተንቀጠቀጠውን ማን ከፍቶ ሊያይ? አልተዋጠልኝም።